ለሠላሳ ጄሪካን ውሃ 220 ቮልት

ባለፈው መጋቢት ጋምቤላ ከተማ ውስጥ፣ በአንድ ትምህርት ቤት የተማሪዎች የፈጠራ ሥራ ውድድር ላይ ከዳኞቹ አንዱ ሆኜ ተቀምጬ ነበር። አዳራሹ ቆርቆሮ ለበስ ነው፤ መጋቢት ደግሞ በጋምቤላ ሙቀቱ 40 ዲግሪን የሚታከክበት ወር ነው። ሁለት ቡድኖች አንድ ዓይነት ሐሳብ ይዘው ቀረቡ፦ አፈሩ ሲደርቅ በራሱ የሚያጠጣ የአትክልት መስኖ። የመጀመሪያው ቡድን ግማሽ የፈረስ ጉልበት ያለው የውሃ ፓምፕ ከግድግዳው ሶኬት አስነሳ። ፓምፑ ሲጮህ አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ሁለተኛው ቡድን በረንዳ ላይ አንድ የሶላር ፓነል ዘርግቶ በ12 ቮልት የምትሠራ ትንሽ ፓምፕ አሳየ። ውሃው መጣ፤ ድምፅ ግን የለውም። አጠገቤ የነበረው ዳኛ "ጥሩ ነው ልጆች፣ ግን ይሄ መጫወቻ ነው። ስታሳድጉት በኮረንቲ አድርጉት" አላቸው። አንደኛ የወጣው የትኛው እንደሆነ መናገር አያስፈልገኝም።

እኔም ያን ዕለት ነጥቤን ሰጥቼ፣ ሻዬን ጠጥቼ ወጣሁ። አንድ ቃል አልተነፈስኩም። አሁን የምጽፈው ያኔ መናገር የነበረብኝን ነው።

የዚያ ዳኛ አስተያየት የእሱ ብቻ ቢሆን ኖሮ እተወው ነበር። ግን በየኮሌጁ የመመረቂያ ሥራ ላይ፣ በየቴክኒክና ሙያው ኤግዚቢሽን የምሰማው እሱኑ ነው፦ ኮረንቲ ያልነካ ሥራ ሥራ አይባልም፤ 12 ቮልት የልጆች ነው፤ ተጠንቅቀህ ከያዝከው 220 ምንም አያደርግህም። የዚህ አባባል መንታ ወንድም ደግሞ "በባትሪ ከሆነማ ምን ችግር አለ፣ ባትሪ አይዝም" የሚለው ነው። ሁለቱም ስህተት ናቸው። መምህራን ይህን ሲሰሙ ወዲያው ስለ ጓንት፣ ስለ ጎማ ጫማና ስለ ማስጠንቀቂያ ምልክት ያነሳሉ። እኔ ግን ክርክሬ ከዚያ በፊት ነው። 220 ቮልትን እንዴት በጥንቃቄ እንያዘው ከማለታችን በፊት፣ ለዚህ ሥራ 220 ማን ጠራው ብለን መጠየቅ አለብን።

በመጀመሪያ ግን የተጨበጨበለትን ሳጥን እንክፈተው። ሰዉ ወደ ሌላው ጠረጴዛ ሲሄድ ጠጋ ብዬ አይቼዋለሁ። የብስኩት ካርቶን ነው። ውስጡ አርዱኢኖ፣ ከአርዱኢኖው ጎን ደግሞ ሁላችንም የምናውቀው ሰማያዊ ሪሌ በናስትሮ ተጣብቋል። ከሶኬት የመጣው ገመድ አንዱ ሽቦ ተቆርጦ ሁለት ጫፉ ሪሌው ላይ ታስሯል፤ የተላጠው መዳብ ከማሰሪያው ብሎን እንደ ድመት ጥፍር ወጣ ብሏል። ከዚያ ጥፍር አንድ ሴንቲሜትር በማይሞላ ርቀት ከእርጥበት ሴንሰሩ የሚመጣው ቀጭን ሽቦ ያልፋል። የአርዱኢኖው የዩኤስቢ ገመድ ደግሞ ላፕቶፕ ላይ ተሰክቷል፤ ላፕቶፑ አንዲት ልጅ ጭን ላይ ነው። ልጅቷ የለበሰችው ነጠላ ጫማ ነው፤ ሲሚንቶው ከፓምፑ በፈሰሰው ውሃ ርሷል።

"ሪሌው ሲጠፋ ፓምፑ ላይ ኮረንቲ አለ?" አልኳት።

"የለም ቲቸር፣ ጠፍቷላ" አለችኝ።

እስቲ እንየው። ሪሌው የሚቆርጠው ከሁለቱ ሽቦዎች አንዱን ብቻ ነው። እኛ አገር በብዛት የምንጠቀመው ባለ ሁለት ክብ እግር ሶኬት ደግሞ እንዳሻህ ገልብጠህ የምትሰካው ነው። በአንዱ በኩል ስትሰካው ሪሌው ፌዙን ይቆርጣል፤ ፓምፑ በእርግጥ ይጠፋል። አንድ ሰው ስልኩን ቻርጅ ለማድረግ ነቅሎ መልሶ ሲሰካው ግን ሊገለበጥ ይችላል። ያኔ ሪሌው የሚቆርጠው ኒውትራሉን ይሆናል። ፓምፑ ጸጥ ይላል፣ የአርዱኢኖው መብራት "ጠፍቷል" ይላል፣ የፓምፑ ጥቅል ሽቦ ግን ሙሉ 220 ቮልት ተሸክሞ ውሃ ውስጥ ተቀምጧል። ኮዱ ትክክል ነው፣ ሪሌው አልተበላሸም፣ ግን ፓምፑን ለማጽዳት እጁን የሚሰድ ሰው ሊሞት ይችላል። ይህን ቴስተር ይዞ ሪሌው በጠፋበት ሰዓት ሁለቱንም የፓምፕ ሽቦዎች ያልነካ ሰው አያየውም። የዕለቱ ዳኞች አልነኩም፤ እኔን ጨምሮ።

ሌላም አለ። ሪሌው ጀርባ ላይ 10 አምፒር ተብሎ ተጽፏል፤ የዚያ ፓምፕ ሩጫ ከ3 አምፒር ስለማይበልጥ ልጆቹ ሒሳቡ የተረፈ መስሏቸዋል። ሞተር ሲነሳ ግን ለቅጽበት የሩጫውን አምስት ስድስት እጥፍ ይስባል። ያ የመነሻ ምት ሪሌው ውስጥ ያሉትን ሁለት ትናንሽ ብረቶች በእሳት ብልጭታ ያገናኛቸዋል፤ በሳምንት ይሁን በወር አንድ ቀን ተበይደው ይቀራሉ። ከዚያ በኋላ አርዱኢኖው "አጥፋ" ቢል የሚሰማው የለም። ምልክቱ ቀላል ነው፤ ሪሌው "ጠቅ" ይላል፣ ፓምፑ ግን አይቆምም።

"ብሬከር አለ አይደል?" የሚለኝ አይጠፋም። አለ። ግን ብሬከሩ የተሠራው ለሽቦው ነው። እርጥብ እጅና ባዶ እግር ያለው ሰው የሰውነቱ መቋቋም 1,500 ኦም ገደማ ነው ብንል፣ 220 ቮልት በውስጡ ወደ 150 ሚሊአምፒር ይነዳል። ከ10 ሚሊአምፒር ትንሽ እንዳለፈ ጡንቻ ይጨብጣል እንጂ አይለቅም፤ እኛ "ኮረንቲ ያዘው" የምንለው ለዚህ ነው። ባለ 10 አምፒር ብሬከር ደግሞ ለመቁረጥ የሚጠብቀው 10,000 ሚሊአምፒርን ነው። ሰውየው ላይ ያለው ጭነት ለብሬከሩ ከአንድ ትንሽ አምፖል አይለይም። ሰውን የሚያድነው ሌላ ዓይነት ብሬከር ነው፤ የሄደውና የተመለሰው ኮረንቲ በ30 ሚሊአምፒር ሲለያይ የሚቆርጠው፣ ፊቱ ላይ መሞከሪያ ቁልፍ ያለው። በየትምህርት ቤታችን የቆጣሪ ሣጥን ውስጥ ይህን ቁልፍ ፈልጉና ካገኛችሁት ንገሩኝ።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ ልምጣ። ልጆቹ ሊያጠጡ ያሰቡት ባሮ ዳር ያለ አሥር በአሥር ሜትር የቲማቲም መደብ ነው። በጋምቤላ በጋ እንዲህ ያለ መደብ በቀን 6 ሚሊሜትር ያህል ውሃ ይጠጣል እንበል። መቶ ካሬ ሜትር ላይ 600 ሊትር ይሆናል፤ በእኛ መለኪያ ሠላሳ ባለ 20 ሊትር ጄሪካን። ወንዙ በበጋ ዝቅ ሲል ከዳርቻው 6 ሜትር ቁልቁል ነው፣ ሮቶው ደግሞ 2 ሜትር ከፍ ብሎ ተሰቅሏል ብለን 8 ሜትር እንያዝ። 600 ኪሎ ውሃ 8 ሜትር ለማንሳት የሚያስፈልገው ጉልበት 13 ዋት ሰዓት ብቻ ነው። ትንሽ ፓምፕ ሰነፍ ነው፣ ከሚበላው ሲሶውን እንኳ ወደ ውሃ አይለውጥም ብለን ብናባዛው ወደ 45 ዋት ሰዓት ይመጣል።

አርባ አምስት ዋት ሰዓት ማለት 60 ዋት የምትበላ የ12 ቮልት ፓምፕ አርባ አምስት ደቂቃ ሠርታ የምትጨርሰው ነው። 100 ዋት የተባለ ፓነል በጋምቤላ ሙቀት 100 አይሰጥም፤ የፓነሉ ጀርባ 65 ዲግሪ ሲደርስ ወደ 85 ዝቅ ይላል። ይሁን። እሱም ይተርፋል። ያ ሁሉ ጭብጨባ፣ ያ ሁሉ ጩኸት፣ ያ በልጅቷ ጭን ላይ የነበረ አደጋ፣ አንድ ፓነል ከቁርስ በኋላ ለሚጨርሰው ሥራ ነበር። መጫወቻው የቱ እንደሆነ አንባቢ ይፍረድ።

ስለ ደህንነቱ ብዙ ማለት አያስፈልግም። ዓለም አቀፉ የኤሌክትሪክ ተከላ ደንብ እርጥብ ቦታ ላይ ባዶ ሽቦ እንኳ ቢነካ ችግር የለውም ብሎ የሚተወው እስከ 30 ቮልት ዲሲ ነው። ባለ 12 ቮልት የሚባለው ፓነል ጭነት በሌለው ጊዜ 22 ቮልት ገደማ ይደርሳል፤ ከዚያ በታች ነው። ከፓምፑ 12 ግን ይበልጣል፤ ለዚህም ነው በፓነሉና በፓምፑ መካከል ቮልቴጁን ወደ 12 የሚያወርድ ትንሽ ሰሌዳ የሚያስፈልገው፤ አለበለዚያ የሚሞተው ሰው ሳይሆን ፓምፑ ነው። ሪሌም አያስፈልግም። IRLZ44N የሚባለው ትራንዚስተር ከአርዱኢኖው 5 ቮልት እየታዘዘ ፓምፑን ያበራል ያጠፋል፤ ሞተሩ ሲጠፋ የሚመልሰውን ምት የሚውጥ አንድ ዳዮድ ፓምፑ ላይ ገልብጦ ማሰር ብቻ ነው። ኮዱ ቢቆም፣ ትራንዚስተሩ ቢቃጠል፣ የሚደርሰው ክፉ ነገር ሮቶው ሞልቶ መፍሰሱ ነው። ግን ማስጠንቀቂያ አለኝ፦ ስድስት ፓነል በተከታታይ የሚቀጥል ሰው 130 ቮልት ዲሲ ሠርቷልና "ሶላር ነው" ብሎ እንዳይዘናጋ።

እዚህ ላይ የምቀበለው ተቃውሞ አንድ አለ፤ እሱም ከኤሌክትሪክ ሠራተኞች የሚመጣው ነው። "12 ቮልት ሩቅ አይሄድም" ይላሉ፤ ልክ ናቸው። ፓምፑ 5 አምፒር ይስባል። ቤት ደጃፍ ካለው ፓነል እስከ ወንዙ 30 ሜትር በ1.5 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ ብንዘረጋ፣ ደርሶ መልስ 60 ሜትር ነውና 0.7 ኦም መቋቋም ይኖረዋል፤ መንገድ ላይ 3.5 ቮልት ይቀራል። ፓምፑ የሚያገኘው 8.5 ነው፤ ይንቀሳቀሳል እንጂ 8 ሜትር አይገፋም። ብዙ ተማሪ እዚህ ሲደርስ "አያችሁ፣ 12 አይሠራም" ብሎ ወደ ሶኬቱ ይሮጣል። መልሱ ግን ሌላ ነው። ፓነሉን ወንዙ ዳር ፓምፑ አጠገብ ውሰደው፤ 30 ሜትሩን ውሃው በቱቦ ይሂድ። ካልተቻለ ደግሞ በ24 ቮልት ሥራው፤ አምፒሩ በግማሽ ይወርድና የሚባክነው ከመቶ ሠላሳ ገደማ መሆኑ ቀርቶ ወደ ሰባት ይወርዳል። ይሄ ነው ዲዛይን ማለት። ሶኬት ውስጥ መሰካት ዲዛይን አይደለም።

ዝቅተኛ ቮልቴጅ የማይችለው ሥራ መኖሩን አልክድም። ጭነቱ 300 ዋት ሲያልፍ በ12 ቮልት 25 አምፒር ይሆናል፤ ሽቦው እንደ ጣት ይወፍራል፣ የላላ ብሎን ሁሉ ይግላል። ወፍጮና የብየዳ ማሽን በ220 ይሠሩ። ያኔም ቢሆን 220 ያለበትን ወገን ሙያተኛ በተዘጋ የፋብሪካ ሣጥን ውስጥ፣ ሁለቱንም ሽቦ በሚቆርጥ ማብሪያና በዚያ ባለ መሞከሪያ ቁልፍ ብሬከር ይሥራው፤ ተማሪው በ5 ቮልቱ ወገን ይቅር። "ታዲያ ልጆቹ ኮረንቲን የት ይማሩት?" ለሚለኝ፦ በወርክሾፕ፣ መምህር ቆሞ፣ ጠረጴዛው ላይ መቁረጫ ቁልፍ እያለ። በብስኩት ካርቶን አይማሩትም።

እስካሁን የተናገርኩትን ሰምተው ደስ የሚላቸው የባትሪ ወዳጆች አሉ። "እኛም የምንለው ይህንኑ ነው፤ የላፕቶፕ ባትሪ ፈልፍለን 12 ቮልት እንሠራለን" ይላሉ። ቆይ በሉ፤ ከእናንተም ጋር ጠብ አለኝ።

የሞተ የላፕቶፕ ባትሪ ሲፈለፈል ውስጡ ጣት የመሰሉ ሴሎች ይገኛሉ፤ 18650 ይባላሉ። አንዱ ሲሞላ 4.2 ቮልት ነው፤ ማንንም አይዝም፣ ምላስህ ላይ ካላደረግከው አታውቀውም። ግን ሁለቱ ጫፎቹ በሽቦ ቢገናኙ ለቅጽበት ከ50 አምፒር በላይ ሊተፋ ይችላል። ያ ሽቦ ደም መስሎ ይቀላል። ቮልቴጅ የሚነግርህ ሰው ላይ ምን ያህል እንደሚገፋ ነው፤ ውስጡ ስንት እሳት እንደታመቀ አይነግርህም።

ልጆቹ በብዛት የሚሠሩት ሦስቱን በተከታታይ ቀጥሎ በ12.6 ቮልት ቻርጅ ማድረግ ነው። መልቲሜትሩን ጫፍና ጫፍ ይሰኩታል፤ 12.6 ይላል፤ ይደሰታሉ። አሁን ከሦስቱ አንዱ የደከመ ነው እንበል፤ ደግሞም ነው፣ ባትሪው የተጣለው ለዚያ ነውና። የደከመው ሴል የሚይዘው ትንሽ ስለሆነ ቀድሞ ይሞላል። ጓደኞቹ 4.05 ላይ ሲደርሱ እሱ 4.5 ላይ ነው። ደምሩት፦ 12.6። መልቲሜትሩ አልዋሸም፤ የተጠየቀው ጥያቄ ነው የተሳሳተው። 4.5 ቮልት ላይ ያለ ሴል ውስጡ መበላሸት ጀምሯል፤ በሌላ ቀን ይግላል፣ ያፏጫል፣ ከዚያ ያለው በሰከንድ የሚቆጠር ነው። ስለዚህ የሚለካው እያንዳንዱ ሴል ለብቻው ነው፤ በመካከላቸውም እያንዳንዱን ለይቶ የሚጠብቅ ሰሌዳ መኖር አለበት። ፈልፍለህ ስታወጣው ከ2 ቮልት በታች ያገኘኸውን፣ ሲሞላ የሚግለውን፣ ሞልተህ ሳምንት አስቀምጠኸው ከ4.1 በታች የወረደውን አትጠቀምበት። ገበያ ላይ 9900 ሚሊአምፒር ሰዓት ተብሎ የተጻፈበትንም አትግዛ፤ በዚያ መጠን ያለ ምርጥ የሚባለው ሴል እንኳ ከዚያ ግማሹን አይደርስም፤ እንዲህ የሚዋሽ ፋብሪካ ውስጡን እንዴት እንደሠራው ገምት።

"የኛ በደንብ ተሠርቷል" ለሚል ደግሞ የራሳችንን ታሪክ ልጥቀስ። ሐምሌ 5 ቀን 2005 ዓ.ም. "ንግሥተ ሳባ" የተባለው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 787 ለንደን ሂትሮው ላይ ቆሞ ሳለ፣ ሰው ሳይኖርበት፣ የኋላው ጣሪያ በውስጥ ነደደ። የእንግሊዝ የአደጋ መርማሪዎች የእሳቱን መነሻ ያገኙት የአደጋ ጊዜ ምልክት አስተላላፊ በሆነ ትንሽ መሣሪያ የሊቲየም ባትሪ ላይ ነው። በጣም የሚመስለው ምክንያት ብለው የጻፉት ደግሞ ይህ ነው፦ የባትሪው ሽቦዎች ክዳኑ ሲዘጋ ተጣምረው ከሥሩ ተቀርቅረው ነበር። የተቀረቀረ ሽቦ፤ ሌላ አይደለም። መሣሪያው በስመ ጥር ፋብሪካ የተሠራ፣ የተፈተሸ፣ ማረጋገጫ ያለው ነበር። የኛ ልጆች ደግሞ ክዳኑን የሚዘጉት በናስትሮ ነው።

በዚህ ላይ ጋምቤላ አለች። የሊቲየም ሴል አምራቾች ከ45 ዲግሪ በላይ ቻርጅ አታድርጉ ይላሉ። ጥላው 40 በሆነበት ከተማ ፀሐይ ላይ የተቀመጠ የተዘጋ የፕላስቲክ ሣጥን 45ን ከረፋዱ ነው የሚያልፈው፤ ፓነሉ አብዝቶ የሚሰጠውም በዚያው ሰዓት ነው። ከፍታው ላይ ያሉት የአዲስ አበባ ልጆች የሠሩትን ቪዲዮ አይቶ እዚህ መድገም የማያዋጣው ለዚህ ነው።

ደግሞስ ባትሪ ለምን? መስኖው የሚፈልገው ውሃ ነው፣ ውሃ ደግሞ ሮቶ ውስጥ ሲቀመጥ አይነድም። ፀሐይ ስትወጣ ፓምፗ ሮቶውን ትሙላ፤ ማታ ቲማቲሙ የሚጠጣው በቁልቁለት ከሮቶው ነው። የግድ በሌሊት የሚነቃ ነገር ካለ ባለ 12 ቮልት 7 አምፒር ሰዓት የእርሳስ ባትሪ ይበቃል። ከባድ ነው፣ ያረጃል፤ ዘግተህ ብታፍነው የሚያወጣው ጋዝ ስላለ አየር ይፈልጋል። ከዚህ ቢበልጥ ደግሞ መጠበቂያው አብሮት ከፋብሪካ የወጣ የሊቲየም ብረት ፎስፌት ባትሪ፤ እሱ ከላፕቶፑ ዓይነት ይልቅ ሙቀትን ይታገሣል፣ አይነድም ማለት ግን አይደለም። የትኛውም ይሁን፣ ከፕላስ ጫፉ አንድ ስንዝር ሳይርቅ ባለ 10 አምፒር ፊውዝ ይግባበት።

ሰኔ ላይ ከሁለተኛው ቡድን አንዱን ልጅ ባሮ ዳር አገኘሁት። ያቺን ፓምፕ እናቱ ጎመን መደብ ላይ ተክሏታል። "ጋሼ፣ ወንዙ መድፈረስ ከጀመረ ወዲህ ደለል እየደፈናት አስቸገረችኝ" አለኝ። ይህን እያለ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ ውሃው ውስጥ ገባ፤ ፓምፗ እየሠራች፣ ፓነሉም ፀሐይ ላይ እንደተዘረጋ፣ እጁን ሰዶ ወንፊቱን በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ መፈግፈግ ጀመረ።